ገንዘብም ላቦራቶሪም ሲያጥር፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመመረቂያ ፕሮጀክት እንዴት ይመረጣል?

ርዕስ የማስገቢያው ሰሞን ሲደርስ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች የሚሰማው ወሬ ብዙም አይለያይም። እምቦጭ የሚያጭድ ሮቦት፣ በሶላር የሚሄድ ጀልባ፣ በስልክ የሚታዘዝ መስኖ። ርዕሶቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ የሚመረጡት ግን በስማቸው ነው። ገንዘብ ያለውና ላቡ ሁልጊዜ የተከፈተለት ቡድን በስም መርጦም ይወጣው ይሆናል። ጥቂት ብርና አንድ መልቲሜትር ብቻ ያለው ቡድን ግን ከርዕስ በፊት ልኬት መምረጥ አለበት። ዲፌንስ ቀን በምታሳዩት ሠንጠረዥ ላይ ምን ዓይነት ቁጥር ይኖራል? ቁጥሩን በምን መሣሪያ፣ የትና መቼ ትለኩታላችሁ? ይህን መመለስ ካልቻላችሁ ርዕስ አልመረጣችሁም ማለት ነው።

አካሄዱን በአንድ ምሳሌ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፦ የገበሬን የውሃ ፓምፕ ከደከመ ቮልቴጅ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ። ይህንኑ እንድትሠሩ አይደለም (ብትሠሩትም አልቃወምም)፤ የምርጫው መንገድ በምሳሌ ስለሚገባ ነው።

1. መጀመሪያ ላቡን በዓይናችሁ እዩ

ላብ ውስጥ ያለውን ነገር ከአድቫይዘራችሁ ይበልጥ የላብ ቴክኒሻኑ ያውቀዋል። ወደ እሱ ሂዱና «ኦሲሎስኮፕ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። «አብርተን ብናየው ይቻላል?» በሉት። ኦሲሎስኮፑ ሲበራ ፕሮቡን ከፊት ለፊቱ ካለው የካሊብሬሽን ነጥብ ጋር አገናኙት። የአብዛኞቹ ነጥብ 1 ኪሎኸርዝ አራት ማዕዘን ሞገድ ይሰጣል። ሞገዱ ካልወጣ ወይም ሽቦውን ስትነኩት ከጠፋ፣ ያላችሁ ስክሪን እንጂ ኦሲሎስኮፕ አይደለም። ቫሪያክ ካለም መልቲሜትር አስራችሁ ከዜሮ ጀምሮ በዝግታ አዙሩት። ቁጥሩ እየዘለለ ወይም መሃል ላይ እየተቋረጠ ከሄደ ካርቦኑ አልቋል።

ከዚያ ሁለት ዝርዝር ጻፉ። አንዱ ሁልጊዜ እጃችሁ ላይ ያለው ነው፦ ላፕቶፕ፣ መልቲሜትር፣ ስልክ፣ ምናልባት ከቀድሞ ተመራቂ የወረሳችሁት አርዱይኖ። ሁለተኛው በቀጠሮ ብቻ የምታገኙት ነው። ታች ያሉ ባቾች ላብ የሚወስዱባቸውን ቀናት ቴክኒሻኑን ጠይቃችሁ ከሁለተኛው ዝርዝር ጎን አስፍሩ። የኔ ደንብ ጥብቅ ነው፦ ሥራው በሙሉ በመጀመሪያው ዝርዝር መሠራት መቻል አለበት፤ ከሁለተኛው ዝርዝር አንድ መሣሪያ ብቻ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ግማሽ ቀን። ከዚያ በላይ ላብ የሚጠይቅ ሐሳብ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር።

2. ትልቁን ሐሳብ አንድ የሚለካ ጥያቄ እስኪሆን ድረስ ቀንሱት

እምቦጩን ሮቦት እንውሰድ። አረሙ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀ ችግር ስለሆነ ርዕሱ በየዓመቱ ይመጣል። ነገር ግን እርጥብ እምቦጭ ከክብደቱ 90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ቦታ አንድ ካሬ ሜትሩ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። ይህን ከውሃ ጎትቶ የሚያወጣ ነገር እውነተኛ ሞተር፣ እውነተኛ ባትሪና የማይሰጥም ጀልባ ይፈልጋል። ገንዘባችሁ ብረትና ፕላስቲክ ላይ ያልቃል፤ ኤሌክትሪካል የሆነው ክፍል ደግሞ በሪሞት የሚዞር ሁለት ሞተር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፈታኙ «ምን ለካችሁ?» ሲል የሚወጣ ቁጥር የለም።

ከዚሁ ሐይቅ ዳር ሌላ ነገር እንይ። በቆጣሪ መስመር ፓምፕ የሚያሠራ ገበሬ መስመሩ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ማታ ማታ ኃይሉ ሲደክም ሞተሩ እያቃሰተ ይሞቃል፤ አንድ ቀን ይነዳል። ምክንያቱ ይታወቃል። የኢንዳክሽን ሞተር ቶርክ በቮልቴጁ ስኩዌር ይወርዳል። 220 ቮልት የነበረው 180 ሲሆን (180/220) ስኩዌር 0.67 ነው፤ ከቶርኩ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። የሚገፋው ውሃ ግን አልቀለለም። ስለዚህ ሞተሩ ፍጥነቱ ይቀንስና ብዙ ከረንት ይስባል፣ መጠምጠሚያው ይግላል።

«ስማርት የፓምፕ መከላከያ» ብላችሁ እዚህ ላይ ካቆማችሁ ግን ገና ስም ነው። ጥያቄ የሚሆነው እንዲህ ሲባል ነው፦ በመስመር ጫፍ ያለ ፓምፕ በ180 ቮልት እንዲጠፋ ከተደረገ፣ ተመልሶ መነሳት ያለበት በስንት ቮልት ነው?

ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንበል ፓምፑ ሲጠፋ መስመሩ 205 ቮልት ነው፤ ሲበራ ራሱ በሚስበው ከረንት 178 ይወርዳል። መቆጣጠሪያው 178 አይቶ ያጠፋል። ወዲያው ቮልቴጁ 205 ይሆናል። መቆጣጠሪያው «ደህና ሆነ» ብሎ ያበራል፤ እንደገና 178። እንዲህ ሲጠፋ ሲበራ ያድራል፤ ሞተሩም ከሁሉ የባሰውን ከረንት የሚስበው ሲነሳ ስለሆነ መከላከያው ራሱ ገዳይ ይሆናል። መመለሻውን 195 ብታደርጉትም ለውጥ የለውም፤ 205 ከ195 ይበልጣላ። በማጥፊያውና በመመለሻው መካከል ያለው ልዩነት ፓምፑ ራሱ ከሚያመጣው መውረድ መብለጥ አለበት። እዚህ ምሳሌ ላይ መውረዱ 205 ሲቀነስ 178፣ ማለትም 27 ቮልት ነው። 180 ላይ 27 ስትደምሩ 207 ይመጣል፤ ትንሽ ጨምራችሁ 210 ታደርጉታላችሁ። መስመሩ 210 ካልደረሰ ፓምፑ አይነሳም፤ መነሳትም የለበትም።

ይህ መላ ፕሮጀክቱ ነው። ከሜዳ የሚያስፈልገው ሁለት የመልቲሜትር ንባብ ነው፦ ፓምፑ ጠፍቶና በርቶ። እሱንም የቤቱን መስመር የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይለካላችሁ፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ 220 ቮልት መለካት የተማሪ ሥራ አይደለም።

3. በሦስት ጥያቄ ጣሉ

ጥያቄው ሲጠራ በዚህ ወንፊት አሳልፉት።

ዋናው ሥራ ያለ 220 ቮልት ይሠራል? የኛ ምሳሌ ያልፋል፤ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ከ12 ቮልት አካባቢ አይበልጥም። ኢንቨርተር ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃል፤ ሞስፌቶቹ ሲነዱ ለምን እንደነደዱ ለማወቅ ደግሞ ኦሲሎስኮፑ በየቀኑ ያስፈልጋል።

ቢቃጠል በሳምንት ውስጥ ሌላ ይገኛል? አንድ ሰው ብቻ የሚሸጠው ወይም ከውጭ ታዝዞ የሚመጣ ሴንሰር ላይ የተንጠለጠለ ፕሮጀክት አትጀምሩ። በአንጻሩ ሬዚስተር፣ ሪሌ፣ የድሮ አዳፕተር ከጥገና ቤት አይጠፋም።

ግማሹ ብቻ ቢያልቅ የሚታይ ቁጥር ይኖራል? የኛው ሪሌ ሳይሠራ ቢቀር እንኳ የተቀዳ የቮልቴጅ ግራፍ አለ። ሮቦት ግን ግማሹ ምንም ነው።

4. ፕሮፖዛል ከመፈረማችሁ በፊት አስጊውን ክፍል ሞክሩት

እያንዳንዱ ፕሮጀክት «ይሄ ካልሠራ ሌላው ዋጋ የለውም» የሚባል አንድ ክፍል አለው። የኛው ቮልቴጅን በትክክል ማንበቡ ነው። ይህን በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በትንሽ ወጪ ሠርታችሁ እዩት። ያልሠራ እንደሆነ ርዕስ ለመቀየር ገና ጊዜ አለ።

ከጥገና ቤት ከበድ ያለውን የድሮ አዳፕተር ግዙ፤ 9 ቮልት የሚለው ይበቃል። ቀላሎቹ የዘመኑ ቻርጀሮች እዚህ አይሆኑም፤ መስመሩ 180 ሆነ 230 የሚያወጡት ያው ስለሆነ የምትለኩትን ነገር ይደብቁታል። የከባዱን ክዳን ስትከፍቱ ትራንስፎርመሩና አራት ዳዮዶች ታገኛላችሁ። ሁለቱን ሽቦ ከዳዮዶቹ በፊት አውጡና ሳጥኑን መልሳችሁ ዝጉ፤ የ220 ቮልቱ ጎን ፈጽሞ ክፍት አይቆይ።

9 ቮልት የሚለው ትራንስፎርመር ጭነት ሳይኖረው 12 አካባቢ ሊያወጣ ይችላል፤ ለካችሁ አረጋግጡ። 12 ቮልት ኤሲ ጫፉ 17 ቮልት ስለሆነ አርዱይኖ ላይ እንዲሁ አይገባም። በ10 ኪሎኦምና በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር አካፍሉት፤ 17 ለ11 ሲካፈል 1.54 ቮልት ይሆናል። ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ደግሞ ከ5 ቮልቱ በሁለት እኩል የ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች 2.5 ቮልት መሃል ነጥብ ሥሩ፤ ነጥቡንና ግራውንዱን በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አያይዙ። የ1 ኪሎኦሙ አንድ ጫፍ ከዚህ መሃል ነጥብ ጋር ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ወደ A0 ይገባል። ሞገዱ ከ0.96 እስከ 4.04 ቮልት ይወዛወዛል፤ መስመሩ 260 ቢደርስም ከክልሉ አይወጣም።

ኮዱ አጭር ነው፤ ለ200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ለ10 ሙሉ ሞገድ ያነብና አርኤምኤሱን ያሰላል፦

```
float rms() {
  float s = 0, s2 = 0;
  long n = 0;
  unsigned long t = millis();
  while (millis() - t < 200) {
    float x = analogRead(A0) - 512;
    s += x;
    s2 += x * x;
    n++;
  }
  float m = s / n;
  return sqrt(s2 / n - m * m);
}
```

ምን ያህል ቁጥር መጠበቅ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ አስሉት። 12 ለ11 ሲካፈል 1.09 ቮልት ነው፤ የአርዱይኖ አንድ እርከን 5 ለ1024 ሲካፈል 0.0049 ቮልት ስለሆነ 223 አካባቢ ይወጣል። 220 ቮልት በ223፣ አንድ እርከን ወደ አንድ ቮልት ተጠጋ ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ 220 አካባቢ ካያችሁ መንገድ ላይ ናችሁ። 40 ወይም 400 ካያችሁ የሬዚስተሮቹን ቀለም እንደገና አንብቡ። ትራንስፎርመሩን ስትነቅሉ ከዜሮ ብዙ የራቀ ቁጥር ከቀረ ደግሞ መሃል ነጥቡ ልል ነው።

ብዙ ቡድን የሚወድቅባት ጉድጓድ አንዲት ናት። ካሊብሬሽኑን አርዱይኖው በላፕቶፕ ዩኤስቢ እንደተሰካ ይጨርሱና፣ ሜዳ ላይ በስልክ ቻርጀር ያበሩታል። አርዱይኖ የሚያነበው ከራሱ 5 ቮልት ጋር እያነጻጸረ ነው። የላፕቶፑ ዩኤስቢ 4.7 ቢሆንና ቻርጀሩ 5.0 ቢሰጥ ንባቡ በ6 በመቶ ይዛነፋል፤ 220 ላይ ወደ 13 ቮልት። ለማወቅ ቀላል ነው፦ መስመሩ ሳይለወጥ ከላፕቶፑ ወደ ቻርጀሩ ስትቀይሩ ቁጥሩ ይዘላል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጨረሻ ላይ በሚሠራበት ቻርጀር አብሩት፣ ንባቡን በኤልሲዲ ላይ እዩ።

5. ካሊብሬሽኑን ከተማው ራሱ ያድርግላችሁ

ቫሪያክ እስክታገኙ አትቀመጡ። የመስመሩ ቮልቴጅ ጠዋት፣ ምሽት እራት በሚበስልበት ሰዓትና እኩለ ሌሊት አንድ አይደለም። በየሰዓቱ የመልቲሜትሩንና የአርዱይኖውን ንባብ ጎን ለጎን ጻፉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ መስመር የሚሰመርባቸው ነጥቦች ይኖሯችኋል። ነጥቦቹ ላይ ቀጥታ መስመር ካልተኛ ችግሩ ከናንተ ሰርኪዩት ነው።

ስለ መልቲሜትሩ አንድ ነገር ልበል። ገበያው ላይ የሞላው ትንሹ ቢጫ መልቲሜትር በኤሲ ትልቁ ክልሉ ላይ የሚያሳየው በአንድ ቮልት ልዩነት ነው፤ የብዙዎቹ ወረቀት ስሕተቱን 1.2 በመቶና ተጨማሪ 10 አሃዝ ይለዋል። 220 ላይ ሲሰላ ከ12 ቮልት ይበልጣል! 180 ላይ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ በ192 ወይም በ168 ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ላብ የምትገቡበት ዋና ምክንያት ቫሪያኩ ብቻ ሳይሆን እዚያ ያለው የተሻለ መልቲሜትር ነው፤ የናንተን ከእሱ ጋር አነጻጽራችሁ ልዩነቱን መዝግቡ።

የማጥፋትና የማብራት ሎጂኩን ለመፈተሽ ደግሞ የመስመሩን መድከም መጠበቅ አያስፈልግም። ከትራንስፎርመሩ 12 ቮልት ጎን የ1 ኪሎኦም ፖቴንሺዮሜትር አስገቡና በእጃችሁ ቮልቴጁን «አድክሙት»። በፓምፑ ቦታ 12 ቮልት የባጃጅ አምፖል በሪሌው እሰሩ። አምፖሉ ሲጠፋ ኤልሲዲው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ፤ ሲበራም እንዲሁ። ፓምፕ ሲነሳ የሚያመጣውን የአፍታ መውረድ መርሳት ግን የለም። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፤ መቆጣጠሪያው ለጥቂት ሰከንድ ካልታገሰ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ያጠፋዋል። ፖቴንሺዮሜትሩን ቶሎ አውርዳችሁ ቶሎ በመመለስ ይሄንንም መፈተሽ ይቻላል።

እውነተኛውን ፓምፕ በዚያች ትንሽ ሪሌ አታስሩ። ላይዋ ላይ 10 አምፔር ቢጻፍም የሞተር መነሻ ከረንት ነጥቦቿን ያጣብቃቸዋል፤ ከተጣበቀች ደግሞ መቼም አታጠፋም። የነደደ ስታቢላይዘር በጥገና ሰው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ካያችሁ ሪሌዎቹን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የጠቆረውና አንዱ ካንዱ የተበየደው ነጥብ ይህን ነው የሚናገረው። በተግባር ሪሌዋ ኮንታክተር ታዝዛለች፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። በፕሮጀክታችሁ ወሰን ላይ «ሙከራው በ12 ቮልት ጭነት ነው» ብላችሁ ጻፉት፤ አያሳፍርም።

6. የግዢ ቅደም ተከተል

ሁሉን በአንድ ቀን አትግዙ። መጀመሪያ አዳፕተሩ፣ ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሩ ብቻ፤ አርዱይኖ ተዋሱ። ንባቡ ከሠራ አርዱይኖና ኤልሲዲ። ሎጂኩ ከሠራ ሪሌና ሳጥን። ሰዓት የሚይዝ ሞጁልና ሚሞሪ ካርድ መጨረሻ ላይ፣ ገንዘብ ከተረፈ። ካላችሁ ብር አንድ ሦስተኛውን ለሚቃጠል ዕቃ አስቀሩ። የተበላሸ ስታቢላይዘር በርካሽ ካገኛችሁ ሳጥኑን፣ ማብሪያውንና አንዳንዴም ቮልትሜትሩን ታተርፋላችሁ። ግን ውስጡ ያለው ትልቁ ትራንስፎርመር ብዙውን ጊዜ አውቶትራንስፎርመር ነው፤ ከመስመሩ አይለያችሁም፣ ለመለኪያ አትጠቀሙበት።

7. የላቡ ግማሽ ቀን

ወደ ላብ ስትገቡ ባዶ ሠንጠረዥ ታትሞ በእጃችሁ ይኑር። ቫሪያኩ የሚሰጠው ለመለኪያው ትራንስፎርመር ብቻ ነው፤ አርዱይኖው ከሌላ ሶኬት ይበራል፣ አለዚያ ቫሪያኩን ስታወርዱ አብሮ ይጠፋል። ቫሪያክም አውቶትራንስፎርመር ስለሆነ ወደ 20 ቮልት ስላወረዳችሁት ብቻ ጫፉን አትንኩ፤ ቴክኒሻኑ አጠገባችሁ ይሁን።

ከ160 እስከ 250 ቮልት በየ10ው ውጡ፤ አሥር ነጥብ። ከዚያ በዚያው መንገድ ውረዱ። ላይኛው ጫፍ ላይ ነጥቦቹ ከመስመሩ ወደ ታች ከጎበጡ ሞገዱ እየተቆረጠ ነው፤ የ10 ኪሎኦሙን በ12 ወይም በ15 ቀይሩ፣ ካሊብሬሽኑም ከአዲስ ይጀመራል። ይህ ካለቀ የማጥፊያውንና የመመለሻውን ነጥብ ደጋግማችሁ ለኩ። 180 ያላችሁት አንዴ 179 አንዴ 182 ቢሆን ያንኑ ጻፉ፤ ሁሌ 180 ብቻ የሚል ሠንጠረዥ ፈታኙን ያስጠረጥራል። ጊዜ ከተረፈ ኦሲሎስኮፑ ላይ የA0ን ሞገድ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ሌላ ቀን ላታገኙት ትችላላችሁ።

መብራት ሊሄድ ስለሚችል ቀጠሮ ስትይዙ ሁለት ቀን ያዙ። ክረምቱ ከገባ በኋላ ያለውን ሳምንት አትመኑት፤ ባሕር ዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲጀምር ላቡ በጊዜ ይዘጋል።

8. አድቫይዘራችሁ «ትንሽ ነው» ካለ

ሊል ይችላል። ያኔ ሌላ ሴንሰር አትጨምሩ፣ ጂኤስኤምም አትለጥፉበት። ጥያቄውን አጥልቁት። መስመሩን በLTspice እንደ አንድ ምንጭና አንድ ሬዚስተር፣ ፓምፑን እንደሚጨመር ጭነት አስመስሉ፤ ፕሮግራሙ በነፃ ይወርዳል። የመስመሩን ሬዚስተር እየቀያየራችሁ መመለሻው 195፣ 205፣ 215 ሲሆን መቆጣጠሪያው መቼ መርጋት እንደሚያቆም ግራፍ ሥሩ። ከዚያ በፖቴንሺዮሜትሩ የለካችሁትን ነጥብ በዚያው ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ፕሮፖዛሉ ላይ ያለው ዓላማም በዚህ መልክ ይጻፍ፦ «በመስመር ጫፍ ለሚገኝ የአንድ ፌዝ ፓምፕ የመመለሻ ቮልቴጅ ከመስመሩ መውረድ ጋር ያለውን ግንኙነት ማስላትና በ12 ቮልት ሞዴል ማረጋገጥ።» ይህን ያነበበ አድቫይዘር የሚጠይቃችሁ ቀጣዩ ነገር የመስመሩ መውረድ ስንት እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቢሮው ከመግባታችሁ በፊት እነዚያን ሁለት ንባቦች አስለክታችሁ ያዙ።